ዕቃው በር ላይ ሲመለስ

(ድምፅ፦ የከተማ ትራፊክ፣ የሞተር ሳይክል ጥሩምባ፣ የበር ደወል)

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. በ2007 በደቡብ ህንዷ ባንጋሎር ከተማ ሁለት ወጣት መሐንዲሶች ፍሊፕካርት የተባለ የመጻሕፍት መደብር በኢንተርኔት ከፈቱ። ሳቺን ባንሳልና ቢኒ ባንሳል ይባላሉ። ስማቸው ቢገጥምም ዘመዳሞች አይደሉም። ሁለቱም አማዞን ውስጥ ሠርተው ስለነበር በኢንተርኔት እንዴት እንደሚሸጥ ያውቃሉ። የቸገራቸው ሌላ ነገር ነበር፤ ገዢው ዋጋውን አይቶ፣ መጽሐፉን መርጦ፣ ገንዘብ የሚከፈልበት ገጽ ላይ ሲደርስ ትቶ ይወጣል።

ምክንያት አልጠፋም። በዚያን ጊዜ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት ህንድ የነበረው የክሬዲት ካርድ ብዛት ከ30 ሚሊዮን አይዘልም። ካርድ ያለውም ቢሆን እፎይ አላለም። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2009 ጀምሮ የሀገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ በኢንተርኔት በካርድ የሚከፍል ሰው ተጨማሪ የይለፍ ቃል እንዲያስገባ አዘዘ። ለደኅንነት መልካም ነው፤ ግን ኔትወርኩ መሐል ላይ ሲቆረጥ ገንዘቡ ከሒሳብ ወጥቶ ትእዛዙ ሳይመዘገብ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። አንዴ እንዲህ የገጠመው ሰው ሁለተኛ አይሞክርም።

በ2010 ፍሊፕካርት ክፍያውን ወደ ደንበኛው ደጅ አወረደው። ዕቃው ይምጣ፣ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይከፈል አለ። ሐሳቡ በራሱ አዲስ አልነበረም። የህንድ ፖስታ ቤት ተቀባዩ ዋጋውን ለፖስተኛው ከፍሎ ጥቅሉን የሚረከብበትን አሠራር የጀመረው በ1877 ነው። አሜሪካም በ1913 ተመሳሳዩን አድርጋለች። አዲስ የነበረው፣ የኢንተርኔት ነጋዴ የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለውን የፖስታ ቤት ዘዴ አቧራውን አራግፎ ማንሳቱ ነው። ደንበኛው ወደደው፤ ሌሎቹ የህንድ መደብሮችም ተከተሉ።

(ሙዚቃ፣ አጭር)

ተራኪ፦ አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። የቴሌግራም ቻናል ላይ ጫማ፣ ቀሚስ፣ የወጥ ቤት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ከፎቶው ሥር የሚጽፉት ቃል ለነዋሪው እንግዳ አይደለም፤ «ያሉበት እናደርሳለን፣ አይተው ይክፈሉ» ይላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ ገንዘብ መላክ ለብዙ ሰው የየቀኑ ነገር ሆኗል። ታክሲ ውስጥም፣ ሱቅ ውስጥም ይከፈልበታል። እንግዲህ ገዢው በስልክ መክፈል ከቻለ፣ ስለምን አስቀድሞ አይከፍልም?

ሰውየው የሚጠራጠረው የስልኩን ክፍያ አይደለምና ነው። የሚጠራጠረው ፎቶውን ነው። ቆዳ የተባለው ጫማ ሲመጣ ፕላስቲክ ቢሆንስ? ገንዘቡ ከገባ በኋላ ቻናሉ ቢዘጋስ? በር ላይ ቆሞ ጫማውን ካየ፣ ከለካ በኋላ ግን ያለ ምንም ማመንታት ስልኩን አውጥቶ በቴሌብር ይልካል። ህንድም ውስጥ የታየው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ በቅጽበት የሚላክበት ዩ.ፒ.አይ. የተባለው ሥርዓት ከተጀመረ በኋላ፣ አድራሹ ጥሬ ገንዘብ በመቁጠር ፈንታ የኪው አር ኮድ ማሳየት ጀመረ። መክፈያው ተለወጠ፤ «መጀመሪያ ልየው» የሚለው ግን አልተለወጠም።

ለሻጩ ትርጉሙ ከባድ ነው። ገዢው የፈራው ነገር አልጠፋም፤ ወደ ሻጩ ትከሻ ተሻገረ እንጂ።

ምን ያህል እንደሚከብድ በአንድ ምሳሌ እንየው። በ2,200 ብር ያመጣውን ጫማ በ3,000 ብር የሚሸጥ ሰው አለ እንበል። ለሞተረኛው በአንድ መንገድ 250 ብር ይከፍላል። ጫማው ከተሸጠ 550 ብር ይተርፈዋል። ደንበኛው አልፈልግም ካለ ግን ሞተረኛው የሄደበትን 250፣ ለመመለሻም ተጨማሪ 150 ብር ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ የተመለሰ ጫማ 400 ብር ይዞ ይሄዳል። በሳምንት 20 ትእዛዝ ተልኮ 15ቱ ቢሸጥ ትርፉ 8,250 ብር ነው። የአምስቱ ተመላሾች ወጪ 2,000 ብር ሲነሳለት 6,250 ይቀራል። ከተመለሱት አንዱ ጭቃ ላይ ተለክቶ ሶሉ የተቧጨረ እንደሆነ፣ እሱም በሙሉ ዋጋ አይሸጥም። በህንድ የንግዱ ሰዎች በር ላይ ከሚከፈልባቸው ዕቃዎች ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ይመለሳሉ ሲሉ ይሰማል፤ ከአራት አንዱ መመለሱ እንግዲህ የተጋነነ ምሳሌ አይደለም።

(ድምፅ፦ የስልክ ጥሪ)

ተራኪ፦ ብዙዎቹ ዕቃዎች የሚመለሱት በር ላይ ይምሰል እንጂ፣ ነገሩ ያለቀው ዕቃው ከሱቅ ሳይወጣ ነው። ሌሊት አልጋ ላይ ሆኖ «እፈልገዋለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ጠዋት ሐሳቡን ይቀይራል። ሌላው ደመወዝ እስኪገባለት እየጠበቀ ነው። የሦስተኛዋ ስልክ ቁጥር አንድ አኃዝ ጎድሎታል። እነዚህን ሞተረኛ ልኮ ማጣራት ውድ ነው፤ ደውሎ መጠየቅ ግን የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

የሚሠራው ጥሪ «ትእዛዝዎን ያረጋግጡ» ብቻ ብሎ አይዘጋም። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ሁሉም ሰው እሺ ይላል። ጥሩ ሻጭ እንዲህ ይጠይቃል፦

«እህቴ፣ ያዘዝሽው ጥቁሩ ጫማ 38 ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ጠበብ ይላል፣ 39 ይሻልሽ ይሆን? ሞተረኛው ነገ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ገርጂ ይደርሳል። ያኔ እዚያው ነሽ? ከሌለሽ የሚቀበልልሽ ሰው ስለ ገንዘቡ ያውቃል? ከነዴሊቨሪው 3,000 ብር ነው።»

ልብ ካሉት፣ ጥያቄዎቹ በሙሉ ዕቃ የሚመለስባቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ የሚነካኩ ናቸው፤ ልኩ፣ ሰዓቱ፣ ቤት የሚቀረው ሰው፣ የገንዘቡ ልክ። መንገድ በቁጥር በማይፈለግባት አዲስ አበባ ደግሞ «ከመስጊዱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር» የሚለው ምልክት የሚጠየቀው በዚሁ ጥሪ ነው። ከ20ዎቹ ትእዛዞች ሦስቱ በስልክ ቢሰረዙና ከተላኩት 17 ሁለቱ ብቻ ቢመለሱ፣ የተሸጠው ያው 15 ጫማ ነው፤ ትርፉ ግን ከ6,250 ወደ 7,450 ብር ከፍ ይላል። ሻጩ አንድም ተጨማሪ ደንበኛ አላገኘም።

ስልኩ ላይ የሚወላውል፣ ሰዓት የማይሰጥ፣ ወይም ቀድሞ ዕቃ የመለሰ ደንበኛስ? እዚህ ላይ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች የሚያውቁት መሣሪያ አለ፤ ቀብድ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የሰጠውን ግን ያጣል። ለጫማ ሻጩ የመላኪያውን ያህል፣ 250 ወይም 400 ብር፣ ቢቀበል ይበቃዋል። ገዢዋም ሙሉ ዋጋውን ላላየችው ዕቃ አላስረከበችም፤ የምትከፍለው ሞተረኛውን በከንቱ ያለማስኬድ ዋስትና ነው። ቀብዱ ከዋጋው ላይ እንደሚቀነስ፣ ዕቃው ከፎቶው የተለየ ከሆነም እንደሚመለስላት ሻጩ በጽሑፍ ቢልክላት ጭቅጭቅ ይቀራል። ሻጮች በማስታወቂያቸው ብዙም የማያነሱት ሌላ ድንጋጌም አለ፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል።

(ድምፅ፦ የካርቶን መቀደድ)

ተራኪ፦ ሁሉም ተደርጎም የሚመለስ ዕቃ አይጠፋም። የመጀመሪያው ጥያቄ፦ እውነት ደንበኛው ነው የመለሰው? ህንድ ውስጥ በየኩባንያው የሚታወቅ ችግር ነው፤ አድራሹ ሲመሽበት ወይም መንገዱ ሲርቅበት በሩን ሳያንኳኳ «ደንበኛው አልተቀበለም» ብሎ ይመዘግባል። ለዚህ አንዳንድ ድርጅቶች ዘዴ አበጁ፤ እምቢ ያለው ደንበኛ በስልኩ የሚደርሰውን ቁጥር ለአድራሹ ካልነገረ መመለሱ አይመዘገብም። ትንሽ ሻጭ ይህን ሥርዓት አይገዛም። ነገር ግን ዕቃው «ተመለሰ» በተባለ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለደንበኛዋ መደወል ይችላል። «የመጣ ሰው የለም እኮ» ካለች፣ መልሱ ተገኘ። በአንድ ሰፈር የአንዱ ሞተረኛ ተመላሽ ከሌሎቹ እጥፍ ሆኖ ሲገኝም መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

ከዚያ ጥቅሉ ይከፈታል፤ ሞተረኛው ሳይሄድ፣ ዓይኑ እያየ። ቴፑ ተነክቷል? ሁለቱም እግር አለ? የተላከው ጫማ ነው ወይስ ያረጀ ተተክቶበታል? ይህ ሁሉ ፎቶ ይነሣል። ለነገ ይደር የተባለ ጥቅል ጉድለት ቢወጣበት፣ ማን እንዳደረሰው የሚያረጋግጥ የለም።

ገንዘቡም የራሱ ቁጥጥር አለው። በር ላይ በስልክ የተከፈለ እንደሆነ የገዢዋ ስልክ ላይ የሚታየው መልእክት ወይም የስክሪን ፎቶ ማስረጃ አይሆንም፤ በቀላሉ ይቀናበራልና። ሞተረኛው ዕቃውን የሚለቀው ሻጩ የራሱን ሒሳብ አይቶ «ገብቷል» ሲል ነው። ጥሬ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ የሚዘጋው በዚያው ማታ ነው፤ የወጣው ዕቃ ብዛት፣ የተሸጠውና የተመለሰው ተደምሮ ካልገጠመ የነገው ዕቃ አይወጣም። ፍሊፕካርት የራሱን የማድረሻ ክፍል ያቋቋመው ጥሬ ገንዘብ መሰብሰብ በጀመረበት አካባቢ መሆኑ አይገርምም፤ ከብር ጋር የሚሠራ አድራሽ የፖስታ ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ያዥም ነው።

በመጨረሻ የሚቀረው ከእያንዳንዱ ተመላሽ ጎን በደብተር የሚጻፍ አንድ ቃል ነው፤ «ልክ»፣ «የለችም»፣ «ገንዘብ»፣ «ቀለም»። ከወር በኋላ «ቀለም» የሚለው ስምንት ጊዜ ተጽፎ ከተገኘ ችግሩ ደንበኞቹ አይደሉም፤ ፎቶው የተነሣው በመብራት ስለሆነ ቡናማው ጫማ ቀይ ሆኖ ታይቷል፣ በቀን ብርሃን እንደገና ይነሣ። «የለችም» የተባለባቸው ዕቃዎች አንድ ጊዜ በድጋሚ ይላካሉ። በራሷ ፈቃድ ሁለቴ የመለሰች ደንበኛ ግን ስሟ ከቻናሉ አይሰረዝም፤ ሦስተኛውን ስታዝዝ «በቀብድ ብቻ» ተብሎ ይጻፍላታል።