ደንበኞቼ፣ አመሰግናለሁ፤ የአንድ ባርማን ስንብት

ውድ ደንበኞቼ፣ የፊታችን ቅዳሜ ፒያሳ ባለው በዚህ ቤት ከባንኮኒው ጀርባ የምቆምበት የመጨረሻ ምሽቴ ነው። ለዓመታት ቀድቼላችኋለሁ፤ እናንተም የምትወዱትን መጠጥ አስተምራችሁኛል። ስለዚህ ስሰናበታችሁ ስለመጠጦቻችሁ ላውጋችሁ።

ጋሼ መምህሩ፣ የእርስዎ ድራፍት ጃምቦ ነው፤ አረፋው ሁለት ጣት ሆኖ። አረፋው ጠረኑን ይይዛል፣ ቢራው ቶሎ እንዳይሞትም ይከላከላል። አንድ አርብ ከቧንቧው አረፋ ብቻ ሲወርድ ሰው ሁሉ «ቢራው ተበላሽቷል» ብሎ ነበር። ቢራው ግን ደህና ነበር፤ በርሜሉ ገና ከመኪና ወርዶ ሞቆና ተንጦ ስለነበር ነው። ቢራ ሲሞቅ ጋዙን አይይዝም። በርሜሉን አሳርፈን እስከ 4 ዲግሪ ገደማ ስናቀዘቅዘው በማግስቱ ጥርት ብሎ ወረደ።

እርስዎ «አረፋው ወዲያው ጠፋ» ሲሉኝ ደግሞ ጥፋቱ የብርጭቆው ነበር። ክትፎና ጥብስ በሚበላበት ቤት የጃምቦ ብርጭቆ ከሳህን ጋር ከታጠበ ቅባት ይይዛል፤ ቅባት ደግሞ አረፋን ይገድላል። መለያው ቀላል ነው፦ ቢራው ሲቀዳ ጥቃቅን ፊኛዎች ከብርጭቆው ግድግዳ ላይ ከተለጠፉ ብርጭቆው አልጠራም። ከዚያ ወዲህ የቢራ ብርጭቆዎችን ለብቻ ነው የምናጥበው።

እትዬ፣ ከሥራ መልስ ጂን በቶኒክ ይወዳሉ። «በረዶ ቀንስልኝ፣ ይቀጥናል» ይሉኝ ነበር። በረዶ ሲያንስ ግን መጠጡን ማቀዝቀዝ አቅቶት ቶሎ ይሟሟል፤ የሚያቀጥነውም እሱ ነው። ብርጭቆውን እስከ አፉ በትልልቅ በረዶ ሞልቼ፣ በአንድ እጅ ጂን ሦስት እጅ ቶኒክ ጨምሬ፣ ሎሚ ጨመቅ አድርጌ ስሰጥዎት «ዛሬስ ምን አገባህበት?» ብለው ጠየቁኝ። የጨመርኩት በረዶ ብቻ ነበር።

የቁርጥ ወዳጆቼ ደግሞ ፈርኔት በመለኪያ ታዛላችሁ። ከመራራ ሥሮችና ቅጠሎች የሚዘጋጀው ይህ መጠጥ ከስብ በኋላ አፍን ያጸዳል፤ እኔም በደስታ ቀድቼላችኋለሁ። ነገር ግን «ኮሶውን ይገድለዋል» የምትሉትን እስከ ዛሬ አልተቀበልኩም። ሆድ ውስጥ የሚገባ መጠጥ በጥሬ ሥጋ የመጣን ኮሶ አይገድልም። ለጣዕሙ ጠጡት፤ ለኮሶ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። የሚተካኝ ልጅ ትጉ ነው፤ እንደ እኔው በግልጽ ንገሩት። ድራፍቱ ከኮመጠጠ ቧንቧው መታጠብ እንዳለበት አስታውሱት፤ ብርጭቆው ካልጠራም ሳታፍሩ መልሱለት። እኔን ባለሙያ ያደረገኝ የእናንተ ትችት ነውና እሱንም አትንፈጉት።