የዘገየ ሳይት፦ ገንዘብ ይጨመር ወይስ ሥራ ይደራረብ?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2007 ሊነጋጋ ሲል በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ከተማ ቤንዚን የጫነ ቦቴ ተገልብጦ ተቃጠለ። ከላዩ የሚያልፈው ድልድይ ብረቱ ግሎ ተዝለፈለፈና ታችኛው መንገድ ላይ ወደቀ። ግዛቱ ለመልሶ ግንባታው እስከ ጁን 27 ጊዜ ሰጠ፤ ቀድሞ ለሚጨርስ በየቀኑ 200,000 ዶላር፣ ቢበዛ እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ ለመክፈልም ቃል ገባ። ሲ.ሲ. ማየርስ የተባለው ተቋራጭ በ867,075 ዶላር አሸንፎ፣ ቀንና ሌሊት አሠርቶ፣ ሜይ 24 መንገዱን አስከፈተ። ጉርሻውንም ሙሉውን ወሰደ።

ያ ተቋራጭ የአንዲት ቀን ዋጋ ስንት እንደሆነ በቁጥር ያውቅ ነበር። አንድ ሳይት ሲዘገይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበትም ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥያቄው ይዘለልና ሰው ይጨመር፣ ማታም ይሠራ ይባላል።

ለምሳሌ ያህል አዲስ አበባ ውስጥ በ40 ሚሊዮን ብር ውል የሚሠራ ሕንፃ እንውሰድ። ቀሪው ሥራ የብሎኬት ግንብ 20 ቀን፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ መስመር ዝርጋታ 10 ቀን፣ ልስን 18 ቀን፣ ሴራሚክ 12 ቀን ነው። አንዱ አንዱን እየጠበቀ ስለሚሄድ ድምሩ 60 ቀን ይሆናል። ውሉ ሊያበቃ የቀረው ግን 50 ቀን ብቻ ነው። ቅጣቱ በቀን ከውሉ አንድ ሺሕኛ፣ ማለትም 40,000 ብር ነው፤ የጥበቃ፣ የመሐንዲስና የማሽን ኪራይ ወጪ ደግሞ በቀን 15,000 ብር ይበላል። ስለዚህ የአንድ ቀን መዘግየት ዋጋ 55,000 ብር ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ክራሺንግ ይባላል፤ ገንዘብ ጨምሮ ቀን መግዛት ነው። ግንቡን ተጨማሪ ግንበኞች አስገብቶ በ16 ቀን ለመጨረስ 120,000 ብር ይጠይቃል፤ አንዱ ቀን በ30,000 ብር ተገዛ ማለት ነው። ከልስን የሚገዛ ቀን 40,000፣ ከሴራሚክ የሚገዛው ደግሞ 70,000 ብር ያወጣል። ሴራሚኩን ማፋጠን ከመዘግየቱ ስለሚከፋ ይተዋል። ከርካሹ ተጀምሮ አራት ቀን ከግንብ፣ ከዚያ ከልስን ይገዛል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። የአሉሚኒየም መስኮቱ ከትእዛዝ እስከ ገጠማ 53 ቀን ይፈጃል እንበል። ዋናው ሥራ 60 ቀን ሳለ የሰባት ቀን ትርፍ ስለነበረው ማንም አላሰበበትም። ሰባት ቀን እንደተቀነሰ ግን ሁለቱ እኩል ሆኑ። ስምንተኛውን ቀን ለመቀነስ ለልስኑ 40,000፣ ለመስኮት አምራቹም ለማጣደፊያ 25,000 ብር መክፈል ያሻል፤ 65,000 ብር ሆነ። ከ55,000 በለጠ። ስለዚህ ሰባተኛው ቀን ላይ መቆም ነው፦ ከግንብ አራት፣ ከልስን ሦስት ቀን፣ በ240,000 ብር። የዳነው 385,000 ስለሆነ 145,000 ብር ይተርፋል። ለቀሩት ሦስት ቀናት 165,000 ብር መሸከም ግድ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ፋስት ትራኪንግ ነው፤ ተከታትለው የሚሠሩትን ማደራረብ። መስመር ዝርጋታው ምድር ቤቱን ጨርሶ ወደ ላይ ሲወጣ ለሳኞች ታች ይጀምራሉ። በዚህ አምስት ቀን ይገኛል፤ ሁለት ቀን ከግንብ በ60,000 ብር ሲገዛ እዚያው ሰባት ቀን ላይ ይደረሳል። የደሞዝ ጭማሪ የለውም፤ ውድነቱ የሚታወቀው የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የረሳው ቱቦ የተገኘ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ገና እርጥብ የሆነው ልስን በመሮ ይፈለፈላል፣ ቱቦው ይቀበራል፣ እንደገና ይለሰናል፤ የተጠገነውም ግድግዳ ቀለም ሲቀባ ጠባሳው ይታያል።

ይህ ጥገና 200,000 ብርና ሦስት ቀን ይወስዳል እንበል፤ የቀኖቹ ዋጋ 165,000 ተደምሮ ጉዳቱ 365,000 ብር ይሆናል። የመድረስ ዕድሉ ከአሥር ሦስት ከሆነ ሊጠበቅ የሚገባው ወጪ 109,500 ነው፤ ከ60,000ው ጋር 169,500 ብር። ከክራሺንጉ 240,000 በእጅጉ ይረክሳል። ዕድሉ ወደ ግማሽ ሲጠጋ ግን 242,500 ይሆንና ብልጫው ይጠፋል። ከዚህም ሌላ የአንዱ ወጪ አስቀድሞ የታወቀ ሲሆን፣ የሌላው ክፉ ቀን ከመጣ 425,000 ብር ይደርሳል። እጁ ላይ ጥሬ ገንዘብ የሌለው ተቋራጭ አማካዩን ብቻ አይቶ መወሰን የለበትም።

መደራረብ የማይችልም አለ፤ ሶሌታው ሳይጠነክር ድጋፉን መንቀል ሕንፃውን መናድ ነው። ልስኑን ከዝርጋታው ጋር ማስኬድ ግን በፎርማኑ እጅ ነው። ዕድሉን ከግማሽ ወደ ሦስት አሥረኛ የሚያወርደው እሱ ነው፦ እያንዳንዱ ክፍል ሊለሰን ሲል ፕላኑን ይዞ የመብራትና የማብሪያ ሳጥኖቹን ይቆጥራል፣ ውኃ ቧንቧውን በግፊት ያስፈትሻል፣ በሩ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ምልክት የሌለው ክፍል ውስጥ ለሳኝ አይገባም።