«ትልቅ» ለማለት አራት የእንግሊዝኛ ቃላት

ቢግ፣ ላርጅ፣ ሂዩጅ እና ኢኖርመስ በብዙ ተማሪዎች ደብተር ላይ በአንድ መስመር ይሰፍራሉ፤ ፊት ለፊታቸው የሚጻፈው ፍች ግን አንድ ነው፦ «ትልቅ»። ጠንቀቅ ያለ ተማሪ ደግሞ እንደ ደረጃ ይደረድራቸዋል። ከቢግ ላርጅ ይበልጣል፣ ከላርጅ ሂዩጅ፣ የሁሉ የበላይ ኢኖርመስ ነው ይላል። በሁለቱም መንገድ ሄዶ የሚጽፍ ሰው ይሳሳታል። ቃላቱ አራት እኩል ደረጃዎች ሳይሆኑ ሁለት ጥንዶች ናቸው። በመጀመሪያው ጥንድ ውስጥ ያለው ልዩነት ከመጠን ጋር ግንኙነት የለውም። የመጠን ልዩነት የሚመጣው ከአንዱ ጥንድ ወደ ሌላው ሲታለፍ ነው።

ከቢግ እና ከላርጅ እንጀምር። ቢግ የተባለ ቤትና ላርጅ የተባለ ቤት ስፋታቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ቢግ የዕለት ተዕለት ንግግር ቃል ነው፤ ላርጅ ረጋ ያለና ለጽሑፍ የሚስማማ ነው። ከዚህ በላይ ግን የሚለያቸው አብሯቸው የሚሄደው ስም ነው። የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ትልቁን አንጀት ሁልጊዜ ላርጅ ይለዋል፤ ቢግ ብሎ የሚጽፍ የለም። የእግር አውራ ጣት በተቃራኒው ቢግ ነው እንጂ ላርጅ አይባልም። የሸሚዝና የሱሪ ልክ ላርጅ ነው፤ ይህንንማ እንግሊዝኛ ያልተማረ የልብስ ገዢም ያውቀዋል። ብዛትንና መጠንን ስንናገር፣ ማለትም «ብዙ ቁጥር ያላቸው ሰዎች» ወይም «ከፍተኛ መጠን ያለው ውሃ» ለማለት ስንፈልግ፣ ላርጅ ይቀድማል። ስሕተት፣ ውሳኔ፣ ችግር፣ ለውጥ የመሳሰሉ በእጅ የማይዳሰሱ ነገሮች ደግሞ ከቢግ ጋር ይሄዳሉ። ትልቅ ስሕተት ቢግ ሚስቴክ ነው፤ ላርጅ ሚስቴክ ቢባል ሰሚው ይረዳል፣ ግን ጆሮውን ይቆረቁረዋል።

አማርኛ ተናጋሪ በተለይ ሊጠነቀቅበት የሚገባው የቤተሰብ ቃል ነው። ታላቅ ወንድም ቢግ ብራዘር ነው፤ ቢግ እዚህ ላይ የሚናገረው ስለ ዕድሜ ነው። ላርጅ ብራዘር የሚል ሰው ግን ወንድሙ ገላው የገዘፈ መሆኑን ተናገረ እንጂ ታላቁ መሆኑን አልተናገረም። በአማርኛ «ትልቅ ሰው» ስንል በዕድሜ የገፋ ሰው ማለታችን ሊሆን ይችላል። ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲዛወር ግን የሰውነቱን ግዝፈት ወይም ባለ ሥልጣንነቱን ያመለክታል፤ ዕድሜው ጠፍቶ ይቀራል።

ወደ ሁለተኛው ጥንድ ስንሻገር ሌላ ዓይነት ቃል እናገኛለን። ሂዩጅና ኢኖርመስ «በጣም» የሚለውን በውስጣቸው ይዘው የመጡ ናቸው። ስለዚህ ከፊታቸው ሌላ «በጣም» አይሹም። ቬሪ ቢግ፣ ቬሪ ላርጅ ትክክል ናቸው፤ ቬሪ ሂዩጅና ቬሪ ኢኖርመስ ግን በጥንቃቄ በተጻፈ እንግሊዝኛ አይገኙም ማለት ይቻላል። ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነው፤ በአማርኛ «እጅግ ግዙፍ» ማለት ምንም ነውር የለበትም፣ ተማሪው ያንኑ ልማድ ይዞ ይሻገራል። ማጠንከር ከተፈለገ እንግሊዝኛ አብሶሉትሊ የሚለውን ይሰጣል፤ አብሶሉትሊ ኢኖርመስ ይባላል። ይኸው ማጠንከሪያ በተራው ከቢግ ጋር አይስማማም። ሪሊ የሚለው ግን ከሁለቱም ጥንዶች ጋር ይሄዳል፤ የተጠራጠረ ሰው እሱን ቢይዝ አይሳሳትም።

ልዩነቱ በጥያቄም ይታያል። የአንድን ነገር መጠን ለማወቅ ሃው ቢግ ወይም ሃው ላርጅ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ የተጠየቀው ነገር ሰናፍጭ ቢያክል እንኳ ጥያቄው ያው ነው፣ ምክንያቱም ጠያቂው ትልቅ ነው ብሎ አልወሰነም። ሃው ኢኖርመስ ብሎ የሚጠይቅ ግን ግዙፍነቱን አስቀድሞ ተቀብሎ ነው። በማወዳደርም እንደዚሁ ነው። ቢገርና ላርጀር የዘወትር ቃላት ናቸው፤ ሂዩጅና ኢኖርመስ ግን ለማበላለጥ እምብዛም አያገለግሉም። ሁለት ግዙፍ ነገሮችን ማበላለጥ ሲያስፈልግ ጸሐፊው ተመልሶ ቢገር ወይም ላርጀር ይላል።

አሁን ይህንን በሥራ ላይ እናውለው። አንድ አስጎብኚ የአክሱምን ሐውልቶች ለውጭ አገር ጎብኚ በእንግሊዝኛ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ያዘጋጃል እንበል። በሐውልቶቹ መስክ ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጡ፣ ሳይጠረቡ የቆሙ ድንጋዮች አሉ። ቆሞ የሚታየው የንጉሥ ኢዛና ሐውልት 21 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በ2005 ከሮም ተመልሶ በ2008 ዳግም የቆመው (ሁለቱም ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 24 ሜትር ገደማ ሲሆን ክብደቱ 160 ቶን አካባቢ ይገመታል። ተሰባብሮ መሬት ላይ የተኛው ደግሞ 33 ሜትር ገደማ ነው፤ ክብደቱም 520 ቶን ያህል እንደሆነ ይነገራል።

አስጎብኚው ሁሉንም ቬሪ ሂዩጅ ቢላቸው ከሰዋስው ስሕተቱ ይልቅ የሚጎዳው ጎብኚው ምንም ሳይለይ መቅረቱ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ «ከምን አንጻር?» ብሎ ይጠይቅ። ከሰው ቁመት ጥቂት ከፍ የሚለው ድንጋይ ከተራ ድንጋይ አንጻር ላርጅ ነው፤ ያ ይበቃዋል። የኢዛና ሐውልትና ከሮም የተመለሰው ከዚህ ድንጋይ ብዙ እጥፍ ስለሚበልጡ ሂዩጅ ይገባቸዋል። በሁለቱ መካከል ያለው የሦስት ሜትር ልዩነት ግን ሌላ ቅጽል አያስፈልገውም። አንዱን ሂዩጅ ሌላውን ኢኖርመስ ማለት የሌለ ገደል መፍጠር ነው። ለቆመ ነገር እንግሊዝኛ ቁመትን የሚናገር ቃል ስላለው ቶለር ብሎ፣ ቁጥሩን አክሎ ማለፍ ይሻላል። የወደቀው ሐውልት ጉዳይ ይለያል። ክብደቱ ከሮም ከተመለሰው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ እዚህ ላይ ኢኖርመስ ቢባል ቃሉን የሚሸከም ልዩነት አለ። ሌሎቹ በልክ ስለተጠሩም ጎብኚው እዚህ ሲደርስ ቃሉን በሙሉ ክብደቱ ይሰማዋል።

በሂዩጅና በኢኖርመስ መካከልስ? መዝገበ ቃላት ሁለቱንም «እጅግ ትልቅ» ብለው ነው የሚፈቱት። ሂዩጅ ለንግግር ይቀላል፤ ኢኖርመስ ጠንከር ያለና መገረም የሚሰማበት ነው። ኢኖርመስ ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ በሥሩ ያለው ኖርማ የአናጺ ማዕዘን መለኪያና ደንብ ማለት ነው፤ ቃሉም በጥሬው «ከደንብ የወጣ» የሚል ነበር። ዛሬም ከተለመደው መጠን ያፈነገጠውን ነገር ለመግለጽ ይመቻል። ከዚህ ያለፈ፣ በሜትር የሚለካ ወሰን በሁለቱ መካከል የለም፤ እንግሊዝኛን አፍ የፈቱበት ሰዎችም እያቀያየሩ ይጠቀሙባቸዋል። ስለዚህ ጸሐፊው በዚህ ምርጫ ላይ ብዙ አይጨነቅ። ጥንቃቄው ይበልጥ የሚያስፈልገው ቀደም ብሎ ነው፦ ነገሩ በእርግጥ «በጣም» የሚያሰኝ መሆኑን ሲመዝን፣ ካልሆነም ከስሙ ጋር የሚሄደው ቢግ ይሁን ላርጅ ሲለይ።