ቦርዱ የሚጠየቀው በማን ነው?

እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2022 ፒ ኤንድ ኦ ፌሪስ የተባለው የብሪታንያ የማመላለሻ መርከብ ኩባንያ መርከቦቹን ወደብ ላይ አቁሞ 786 መርከበኞችን አስቀድሞ በተቀረጸ የቪዲዮ መልእክት አሰናበተ። ቦታቸውን የያዙት በኤጀንሲ የተቀጠሩ ሠራተኞች ሲሆኑ አማካይ ክፍያቸው በሰዓት 5.50 ፓውንድ ነበር፤ በወቅቱ የሀገሪቱ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ደግሞ 8.91 ፓውንድ። ከሳምንት በኋላ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ፒተር ሄብልትዌይት ፓርላማ ፊት ቀርበው፣ ከሠራተኛ ማኅበራቱ ጋር አስቀድሞ የመመካከር ግዴታ እንደነበረባቸው አመኑ። ያልተማከሩትም ማኅበራቱ ዕቅዱን ፈጽሞ ስለማይቀበሉት ነው አሉ። ለተሰናባቾቹ የተመደበው ካሳ በድምሩ 36.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን፣ ኩባንያው በአዲሱ አሠራር የመርከበኛ ወጪው በግማሽ እንደሚቀንስለት ይናገር ነበር። ካሳው አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ቁጠባው ግን በየዓመቱ ይገኛል። የሠራተኛው ጉዳይ ጨርሶ አልተረሳም ማለት ነው፤ ዋጋ ወጥቶለት ተከፈለ።

የሚገርመው ይህ የተፈጸመው ዳይሬክተሮች ስለ ሠራተኛ እንዲያስቡ በሕግ በታዘዙበት ሀገር መሆኑ ነው። የብሪታንያ የ2006 የኩባንያዎች ሕግ አንቀጽ 172 ዳይሬክተር ለባለአክሲዮኖች ጥቅም ሲል የኩባንያውን ስኬት እንዲያራምድ ያዝዛል። ይህን ሲያደርግም የውሳኔውን የረጅም ጊዜ ውጤት፣ የሠራተኞችን ጥቅም፣ ከአቅራቢና ከደንበኛ ጋር ያለውን ግንኙነት፣ በአካባቢው ማኅበረሰብና በተፈጥሮ ላይ የሚደርሰውን ጫና ከግምት እንዲያስገባ ይጠይቃል። ትልልቅ ኩባንያዎች ይህን እንዴት እንደፈጸሙ በየዓመቱ እንዲጽፉም ከ2019 ጀምሮ ይገደዳሉ። ነገር ግን ግዴታው ለኩባንያው እንጂ ለሠራተኛው የተገባ አይደለም። ዳይሬክተሩ ቢያጓድል በኩባንያው ስም መክሰስ የሚችለው ቦርዱ ራሱ ወይም በፍርድ ቤት ፈቃድ ባለአክሲዮን ነው። የፒ ኤንድ ኦ ባለቤት ደግሞ አንድ ነው፤ እኛ በበርበራ ወደብ የምናውቀው የዱባዩ ዲፒ ወርልድ። ወጪ ስለቀነሰለት ዳይሬክተሩን ይከሳል ብሎ የሚጠብቅ የለም።

ለተፈጥሮ ጥበቃ ሲባል የተሞከረው ክስም ከዚያው ግድግዳ ጋር ተጋጭቷል። ክላይንት ኧርዝ የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት 27 የሼል አክሲዮኖች ይዞ፣ የኩባንያው ዳይሬክተሮች የአየር ንብረት አደጋን በአግባቡ አልያዙም ሲል በ2023 ለንደን ውስጥ ከሰሰ። ባለአክሲዮን ስለሆነ በሩ ድረስ ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱ ግን የተለያዩ ጥቅሞችን መመዘን የዳይሬክተሮቹ ሥራ ነው ብሎ ጉዳዩን ገና ከመነሻው ዘጋው። ዳኞች የንግድ ውሳኔን በራሳቸው ሚዛን አለመተካታቸው ተገቢ ይመስለኛል። ግን እንደዚያ ከሆነ “ከግምት ማስገባት” የሚለው ትእዛዝ የሚፈተሽበት ቦታ አይኖርም።

በ1970 ሚልተን ፍሪድማን ኩባንያ በሕግና በሥርዓት ውስጥ ሆኖ ትርፍ ከማሳደግ ሌላ ኃላፊነት የለበትም ሲል ጻፈ። የሐሳቡ ተከታዮች ዛሬም የሚያነሡት ብርቱ መከራከሪያ አለ፤ ለሁሉም የሚጠየቅ ዳይሬክተር ለማንም አይጠየቅም፣ ለስህተቱ ሁሉ አንዱን ወገን ሰበብ ያደርጋል ይላሉ። ልክ ናቸው። የአንቀጽ 172 ዝርዝርም ይህንኑ ያረጋግጣል። ሆኖም ከዚህ የሚከተለው ባለአክሲዮን ብቻ ይቅደም የሚል ድምዳሜ አይደለም፤ ሌላው ወገንም የራሱ የሆነ የሚጠይቅበት መብት ይኑረው የሚል ነው እንጂ። ፒ ኤንድ ኦ በዓመት 100 ሚሊዮን ፓውንድ እየከሰርኩ ነበር፣ ዝም ብዬ ብቀጥል የቀሩትም ሥራ ያጡ ነበር ብሏል። ይሁን። ምክክር ግን ቅነሳን አይከለክልም፤ ሌላ አማራጭ ካለ እንዲሰማ ጊዜ ይሰጣል። ችግሩ ጊዜውን መንጠቅ ከመስጠት የረከሰ መሆኑ ነበር።

ጀርመን መብቱን ቦርዱ ውስጥ አስገብታዋለች። በ1976 በወጣው ሕግ ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ባለው ኩባንያ የቁጥጥር ቦርድ ግማሹ መቀመጫ የሠራተኛው ነው፤ ድምፅ እኩል ሲሆን ሁለተኛ ድምፅ ያለው ሊቀመንበር ይወስናል፤ እሱም ዘወትር ከባለአክሲዮኖች ወገን ነው። ሥራ አስፈጻሚዎችን የሚሾመውና የሚሽረው ይህ ቦርድ ስለሆነ፣ የመርከበኞቹ ዓይነት ስንብት ሲታቀድ ሠራተኛው ከቪዲዮ አይሰማውም። መፍትሔው ግን ወሰን አለው። ከቁጥጥር ቦርዱ 20 መቀመጫ 10ሩ የሠራተኛ የሆነው ፎልክስቫገን ነው የናፍጣ መኪኖቹን የጭስ ምርመራ በሶፍትዌር ሲያጭበረብር በ2015 የተጋለጠው፤ የተሸጡት መኪኖች ወደ 11 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ሠራተኛው የሚከላከለው ሥራውን ነው፤ ጭሱን የሚተነፍሰው የከተማ ነዋሪ በዚያ ጠረጴዛ ወንበር የለውም። እሱን የሚጠብቀው ከኩባንያው ውጭ ያለ ደንብ፣ ሐቀኛ ምርመራና ከባድ ቅጣት ነው።

ብሪታንያም ከመርከበኞቹ ስንብት በኋላ የሄደችው በዚሁ በኩል ነው። አንቀጽ 172ን አልነካችም። በ2023 ባወጣችው የመርከበኞች ደመወዝ ሕግ ግን በዓመት 120 ጊዜና ከዚያ በላይ ወደቦቿን የሚረግጥ ማመላለሻ መርከብ፣ በግዛቷ ውኃ ላይ ለተሠራ ሰዓት ቢያንስ ከሀገሪቱ ዝቅተኛ ክፍያ ጋር የሚተካከል እንዲከፍል ወሰነች። ለዚህ ማረጋገጫ ያላቀረበ ኦፕሬተር ለወደቡ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃል፤ ያንንም ካልከፈለ ወደቡን ይከለከላል።