«አንተ ጋር ከሆነማ አለቀለት»

ዛሬ የምጽፈው ቀልድ ግሩፕ ላይ ሲጻፍ ለምን ጠብ እንደሚሆን ነው። የደነባ ልጅ የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እኛ ጋ የሚዋደዱ ሰዎች ሲገናኙ ይተራረባሉ። «ጠፋህሳ፣ ሞተህ ነው ብለን ተዝካርህን ልንበላ ነበር» የሚልህ ሰው ናፍቆህ ነው። እንዲህ ሲልህ ግን እጁ ትከሻህ ላይ ነው፣ ዓይኑ ይስቃል፣ ድምፁም ቃላቱ የሚሉትን እየሻረ ነው የሚወጣው። ስልክ ላይ ሲጻፍ እጁም ዓይኑም ድምፁም ይቀራሉ፤ የሚደርስህ «ሞተህ ነው» የሚለው ብቻ ነው።

አንድ የማውቀውን ጉዳይ ከመነሻው ልንገራችሁ፤ የማንንም ስም አልጠራም።

የአብሮ አደጎች ግሩፕ ነው። ከፊሉ ደነባ፣ ከፊሉ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ፣ ጥቂቱ ዐረብ አገር ነው ያለው። የአንዱ ጓደኛችን እናት ታመው ለሕክምና አዲስ አበባ ገቡና መዋጮ ተጀመረ። ገንዘቡን እንዲይዝ የተመረጠው ሁላችንም የምናምነው ልጅ ነው። አንድ ማታ የላኩትን አመስግኖ «እስካሁን የተዋጣው እኔ ጋር ነው» ብሎ ጻፈ። ከልጅነት ጀምሮ አብሮት ያደገው ጓደኛው ወዲያው ከሥር «አንተ ጋር ከሆነማ አለቀለት» አለው።

ይህን በአፍ ብትሰሙት ትስቃላችሁ። «ከሆነማ» ላይ ድምፁ ይጎተታል፣ «አለቀለት» ላይ ደግሞ ሳቁ ቀድሞት ይወጣል። ሁለቱ ትምህርት ቤት እያሉ አንዱ የሌላውን ቆሎ ከኪሱ እየዘገነ የበሉ ናቸው፤ ቀልዱ የመጣው ከዚያ ነው። ግሩፑ ውስጥ ግን ለመዋጮው ሲባል የገቡ የታማሚዋ ዘመዶች ነበሩ፤ እነሱ ስለ ቆሎው የሚያውቁት ነገር የለም። ገንዘብ ያዡም ይህን ስለሚያውቅ መልእክቱን በራሱ ዓይን ብቻ ሳይሆን በእነሱም ዓይን አነበበው። በዚያ ላይ ሦስት ሰዎች የሳቅ ምልክት ለጠፉበት። እነሱ የሳቁት ከቀልደኛው ጋር ነው፤ እሱ ግን ሦስት ሰው ሲስቅበት ነው ያየው። «እሺ» ብሎ ጽፎ ዝም አለ።

ትንሽ ቆይቶ ዐረብ አገር ያለችው እህታችን ከሥራ ወጥታ ስልኳን ከፈተች። ሆስፒታሉ ቅድሚያ ክፍያ እንደጠየቀ ሰምታ ስለነበር ብሩ ከባንክ ወጥቶ እንደሆነ ለማወቅ «ገንዘቡን አወጣኸው» ብላ ጻፈች። የጥያቄ ምልክት አላደረገችም። እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን። በአማርኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስንጠይቅ የቃላቱን ቅደም ተከተል አንቀይርም፤ «ወይ» ወይም «እንዴ» ካልጨመርን ጥያቄ መሆኑን የሚናገረው መጨረሻው ላይ ከፍ የሚለው ድምፃችን ብቻ ነው። ድምፁ ሲቀር «ገንዘቡን አወጣኸው» ፍርድ ይሆናል። ከ«አለቀለት» ሥር ተቀምጦ ሲነበብ ደግሞ ክስና ምስክር መሰለ። ልጁ ሌሊቱን አልተኛም። ጠዋት የባንኩን ዝርዝር ከነቀኑ ፎቶ አንሥቶ ለጠፈ፤ «ሌላ ሰው ይያዘው» ብሎ ከግሩፑ ወጣ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንዴት አብሮት ያደገውን ጓደኛውን አያውቀውም?» ይላል። መልሱ በጥናት የተፈተሸ ነው። በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀስቲን ክሩገርና ጓደኞቹ አሜሪካ ውስጥ ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ አንዳንዶቹ የምር፣ አንዳንዶቹ የስላቅ የሆኑ ዓረፍተ ነገሮችን እንዲለዋወጡ አደረጉ። ላኪዎቹ በኢሜይልም ሆነ በድምፅ ቢልኩት ተቀባዩ ከመቶ 78 ያህሉን በትክክል ይለያል ብለው ገመቱ። በድምፅ ሲሆን 73 ያህሉን ለየ። በኢሜይል ሲሆን 56ቱን ብቻ፤ ይህም ዓይን ጨፍኖ ከመገመት ብዙ አይሻልም። እኔን ከሁሉ የገረመኝ በዚያው ጥናት ጓደኛሞች ከማይተዋወቁ ሰዎች የተሻለ አለመለየታቸው ነው። ምክንያቱ፣ የሚጽፍ ሰው እየጻፈ የራሱን ድምፅ በልቡ ይሰማል፤ «አለቀለት» ሲል ሳቁ ጆሮው ላይ አለ። ያ ሳቅ ከቃሉ ጋር እንዳልተላከ የሚነግረው ነገር የለም። አንባቢውም ያኔ ባለበት ስሜት፣ በድካሙ፣ በጭንቀቱ ድምፅ ያነበዋል።

የሳቅ ምልክት የሚባለው ነገር የመጣውም ከዚሁ ችግር ነው። በ1982 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር መልእክት መለዋወጫ ላይ ስለ አሳንሰርና ስለ ሜርኩሪ የተጻፈ ቀልድ እንደ እውነተኛ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ተወሰደ። ስኮት ፋልማን የሚባል የኮምፒውተር ሳይንቲስት ሴፕቴምበር 19 ቀን ቀልድ የሆነውን ሁሉ :-) እያልን እንለየው ብሎ ሐሳብ አቀረበ። እኛም አገር የተገለበጠ ቃለ አጋኖ የሚመስለው ¡ ትእምርተ ስላቅ ተብሎ ከዓረፍተ ነገር መጨረሻ ይገባል፤ ስልክ ላይ ሲጽፍበት ያየሁት ሰው ግን የለም። ምልክት ይረዳል፤ ነገር ግን ገንዘብና ክብር በተነካበት ቦታ አይበቃም። በሦስቱ ሳቆች አይተነዋል።

ነገሩ እንዴት እንደታረቀ ልንገራችሁ። ቀልደኛው መጀመሪያ መልእክቱን አጠፋው። ይህ አባሰው፤ «እሺ» የሚለው መልስ ብቻውን ቀረና ማታ ያላዩት ዘመዶች «ምን ተብሎ ነው የጠፋው?» ማለት ጀመሩ። ቀጥሎ «ቀልድ ነበር እኮ» ብሎ ጻፈ። ይህም ሲነበብ «አንተ ቀልድ አይገባህም» ይላል። በመጨረሻ አንድ ታላቃችን «ጽሑፉን ተወው፣ ደውልለት» አሉት። ሲደውል ገና «ወንድምዓለም» ብሎ ሳይጨርስ ሁለቱም ዝም አሉ፤ ከዚያ ተላቀሱም ተሳሳቁም። ይሁንና በስልክ መታረቃቸው ለግማሹ ብቻ ነው የሚበቃው፤ ቃሉ የወጣው በሰው ፊት ስለሆነ መመለስ ያለበትም በሰው ፊት ነው። ስለዚህ ቀልደኛው የቆሎውን ታሪክ በራሱ ድምፅ ቀድቶ ግሩፑ ላይ ላከ። ዘመዶቹ ሳቁን ሰሙ። ያቺ እህታችንም ጥያቄዋ ጥያቄ እንደነበር በድምፅ ተናገረች። ልጁ ተመለሰ፣ መዋጮውም ቀጠለ።

እኔ ተረብ ይቅር የሚሉትን አልደግፍም። ተረብ ከቀረ ግሩፑ የለቅሶና የመዋጮ ማስታወቂያ ብቻ ይሆናል፤ ስደት ላይ ያሉት እህት ወንድሞቻችን ደግሞ ግሩፕ የሚከፍቱት ያንን የአገር ቤት ጨዋታ ፍለጋ ነው። የምለምናችሁ ይህን ነው። ጨዋታው ገንዘብን፣ ትዳርን፣ ሕመምን ወይም ሐዘንን የሚነካ ከሆነ፣ ወይም ግሩፑ ውስጥ የድሮውን ታሪክ የማያውቅ ሰው ካለ፣ አትጻፉት። የማይክሮፎኗን ምልክት ተጭናችሁ በድምፃችሁ ላኩት። ጥያቄ ስትጽፉም የጥያቄ ምልክቷን አትርሱ። ሁልጊዜ ሲጫወት የነበረ ሰው ድንገት «እሺ» ብቻ ብሎ ዝም ካለ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ያን ማታውኑ ደውሉለት።