ትናንት የጣፈጠውን ቡና ዛሬ ለመድገም

በወረቀት ማጣሪያ ቡና የሚያዘጋጁ ሰዎች፣ ትናንት የጣፈጣቸው ዛሬ ሲጎመዝዝባቸው ፍሬውን ይጠረጥራሉ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የማንኪያው ነው። ቡና ሲቆላ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ፍሬው ግን ይነፋል። ስለዚህ ጠቆር ተደርጎ የተቆላ አንድ ማንኪያ ቡና ለዘብ ተደርጎ ከተቆላው ያንሳል፤ ለዓይን ግን እኩል ነው። በጀበና የሠለጠነች እጅ ያለ ሚዛን የማትሳሳተው ጀበናውም ሲኒውም ማንኪያውም ሁልጊዜ ያው ስለሆኑ ነው።

ለአንድ ሰው 15 ግራም ቡናና 250 ግራም ውሃ ጥሩ መነሻ ነው። ማጣሪያውን ከነመቀበያው ሚዛን ላይ አስቀምጡ፤ ወረቀቱን በሙቅ ውሃ አርሳችሁ ውሃውን ድፉ። የተፈጨውን ቡና ጨምራችሁ ሚዛኑን ዜሮ አድርጉና የስልካችሁን ሰዓት አስነሡ። መጀመሪያ 45 ግራም የፈላ ውሃ ብቻ አፍስሱና እስከ 45ኛው ሰከንድ ጠብቁ። አዲስ የተቆላ ቡና በውስጡ የቀረውን ጋዝ ሲያስወጣ ያብጣል፣ አረፋም ይሠራል፤ የቆየው ዝም ይላል። ከዚያ ቀስ እያላችሁ 250 አድርሱት። ሰዓቱን የምታቆሙት ውሃው ወርዶ ሲያልቅ ነው።

አንዳንድ የኩሽና ሚዛን በዚያ ጥበቃ መሃል ራሱን ያጠፋና ቁጥሩ ይጠፋል፤ ስትገዙ ይህን ሞክሩ። ሙሉ ግራም ብቻ የሚያሳይ ሚዛን ለውሃው ይበቃል። ለቡናው ግን 15 ሲል 14.5ም 15.5ም ሊሆን ስለሚችል፣ የግራም አንድ አሥረኛ የሚለይ ይሻላል።

አሁን ደብተሩ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል እንበል፦ «የታጠበ ይርጋጨፌ፣ 15 በ250፣ መፍጫ 20 ላይ፣ 2 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ። ጎምዛዛ፣ ውሃ ውሃ የሚል።» ውሃው ቶሎ ወርዷል፣ ከቡናው በቂ አልወሰደም። በማግስቱ መፍጫው ብቻ ወደ 17 ይወርዳል፣ አፈጫጨቱ ይደቃል። «2 ደቂቃ ከ55። ጣፋጭ፣ ሽታው የወጣ።» የበለጠ ይሻል እንደሆነ ለማየት 14 ሲሞከር፦ «4 ደቂቃ ከ10። መራራ፣ ምላስ የሚያደርቅ።» ስለዚህ ወደ 17 ይመለሳል። በሁለተኛው ቀን ቡናውም ተጨምሮ ቢሆን ኖሮ ጣዕሙን ያሻሻለው የትኛው እንደሆነ ደብተሩ ሊነግረን አይችልም ነበር።

የመፍጫ ቁጥር ከአንዱ መፍጫ ወደ ሌላው አይሄድም፤ የጓደኛችሁ 17 የእናንተ 17 አይደለም። ሰዓቱም ብቻውን አይበቃም። ጎምዛዛነቱና ምሬቱ አብረው ከመጡ ውሃው በአንድ በኩል ብቻ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ማጣሪያው ውስጥ የቀረው አተላ ጎድጎድ ያለ ቦታ ካለው ምልክቱ ያ ነው። ያኔ መፍጫውን ሳትነኩ አፈሳሰሳችሁን አስተካክሉና በዚያው 17 ድገሙት።