ልክ ሆኖ መክሰር

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 ካሎባዮስ የተባለ የካሊፎርኒያ የመድኃኒት ምርምር ድርጅት ገንዘቡ እየተሟጠጠ ስለሆነ ሥራውን ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ወረደ። አሪዞና የሚኖር አንድ አነስተኛ ነጋዴ፣ ይህ ድርጅት ከእንግዲህ አይነሳም ብሎ አክሲዮኑን ሾርት አደረገ። በሒሳቡ የነበረው 37 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ብዙም ሳይቆይ ያ ገንዘብ አልቆ፣ በላዩ ላይ ከ106 ሺህ ዶላር በላይ የደላላው ባለዕዳ ሆነ። ዕዳውን የሚያቃልልለት መዋጮ በኢንተርኔት ሲጠይቅ ጉዳዩ የአደባባይ ወሬ ሆነ፤ ከረዳው ይልቅ ያሾፈበት በዛ።

ካሾፉበት ብዙዎቹ ግን 37 ሺህ ይዞ የገባ ሰው እንዴት ከዚያ በላይ ሊያጣ እንደቻለ ቢጠየቁ በቅጡ የሚያስረዱ አይመስለኝም። አክሲዮን የገዛ ሰው ቢከፋ ቢከፋ የሚያጣው የከፈለውን ነው፤ ዋጋው ከዜሮ በታች አይወርድምና። ሾርት ያደረገ ሰው ግን ገዢ ሳይሆን ተበዳሪ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጤፍ በዓይነት የተበደረን ሰው እናስብ። ከጎረቤቱ አንድ ኩንታል ወስዶ ገበያ ላይ ሸጠ፤ በመከር ሲረክስ ገዝቼ እመልሳለሁ፣ ልዩነቱም ለእኔ ይቀራል ብሎ። ከረከሰ አተረፈ። ከተወደደ ግን ለጎረቤቱ፦ «የሸጥኩበትን ብር ልስጥህ» ሊለው አይችልም። የተበደረው ጤፍ ነው፤ የሚመልሰውም ጤፍ ነው፤ ዋጋው የትም ይድረስ የት። ሾርት ማለትም ይኸው ነው፤ ዕዳው የሚቆጠረው በዶላር ሳይሆን በአክሲዮን ቁጥር ነው።

አክሲዮኑን ፈልጎ የሚያበድረው ደላላው ነው። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ከሌሎች ደንበኞቹ ሒሳብ ወይም ከትልልቅ ፈንዶች ነው። ተበዳሪው ለብድሩ ወለድ ይከፍላል፤ ተፈላጊ በሆነ አክሲዮን ላይ ወለዱ ይከብዳል። ድርጅቱ የትርፍ ድርሻ ካከፋፈለም ያንን ለባለቤቱ የሚተካው ተበዳሪው ነው። ባለቤቱ አክሲዮኑን መልሱልኝ ሲል ደላላው ምትክ ካላገኘ፣ ተበዳሪው ወደደም ጠላም በዕለቱ ዋጋ ገዝቶ ይመልሳል።

አሁን ሒሳቡን በራሳችን ምሳሌ እንሥራው። አንድ ሰው 37 ሺህ ዶላር አስይዞ 10 ሺህ አክሲዮን በ2 ዶላር ሾርት አደረገ እንበል። የሽያጩ 20 ሺህ ዶላር በእጁ አይገባም፤ እዚያው ደላላው ዘንድ ተይዞ ይቀመጣል። በሒሳቡ 57 ሺህ ዶላር ይታያል፣ በሌላው ወገን ግን የ10 ሺህ አክሲዮን ዕዳ አለ። ዋጋው ወደ 1 ዶላር ቢወርድ በ10 ሺህ ዶላር ገዝቶ ይመልስና 10 ሺህ ያተርፋል። ድርጅቱ ጨርሶ ዋጋ ቢያጣ እንኳ ትርፉ ከ20 ሺህ አያልፍም። ወደ ላይ ሲሆን ግን እያንዳንዱ የአንድ ዶላር ጭማሪ 10 ሺህ ዶላር ይበላዋል። ዋጋው 5 ዶላር ከ70 ሳንቲም ሲደርስ ዕዳው 57 ሺህ ይሞላል፤ የራሱ ገንዘብ አለቀ ማለት ነው። በ10 ዶላር ዕዳው 100 ሺህ ነው፤ ያለው 57 ሺህ ስለሆነ 43 ሺህ ይጎድለዋል። በ15 ዶላር ጉድለቱ 93 ሺህ ይሆናል። ለጭማሪው ጣሪያ የለውም።

ታዲያ ደላላው ዝም ብሎ ያያል? አያይም። የአሜሪካ ደንብ ከ5 ዶላር በታች የሆነ አክሲዮን ሾርት ያደረገ ሰው ከዕዳው በላይ የራሱ መያዣ እንዲኖረው ያስገድዳል፤ በአንድ አክሲዮን ቢያንስ 2 ዶላር ተኩል፣ ወይም የወቅቱን ዋጋ ያህል፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን። በምሳሌያችን ዋጋው ገና 2 ዶላር ከ85 ሳንቲም እንዳለፈ መያዣው ያንሳል፤ ደላላው «ገንዘብ ጨምር» ይላል፣ ይህም ማርጂን ኮል ይባላል። ካልጨመረ ደላላው ራሱ ገዝቶ ዕዳውን ይዘጋል። በዚያ ዋጋ ቢዘጋ ሰውዬው የሚያጣው 8 ሺህ 500 ዶላር ብቻ ነው። ያማል እንጂ አያፈርስም።

ስለዚህ አብዛኛው ጽሑፍ «የሾርት ኪሳራ ወሰን የለውም» ብሎ ማለፉ እውነት ቢሆንም ጉዳዩን አይጨርሰውም። ዋጋ ደረጃ በደረጃ ቢወጣ ኖሮ መያዣው ከማለቁ በፊት በሩ ይዘጋ ነበር። ሰው ከነበረው በላይ ዕዳ ውስጥ የሚገባው ዋጋው ሲዘል ነው።

የካሎባዮስ ዋጋ ደግሞ ዘለለ። ኖቬምበር 18 ገበያው በ2 ዶላር አካባቢ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ማርቲን ሽክሬሊ የሚመራው ቡድን ከድርጅቱ አክሲዮን ከግማሽ በላይ መግዛቱ ተሰማ፤ ዳራፕሪም የተባለውን መድኃኒት ከ13 ዶላር ተኩል ወደ 750 ዶላር አስወድዶ ስሙ የጠፋው ሰው ነው። ከመደበኛው ሰዓት ውጭ በሚደረገው ግብይት ዋጋው ተተኮሰ። «3 ዶላር ሲደርስ ግዛልኝ» የሚል ስቶፕ ኦርደር የሰጠ ሰውም ቢሆን አይድንም፤ ትእዛዙ ሲነቃ የሚገዛው በ3 ዶላር ሳይሆን ያን ጊዜ በተገኘው ዋጋ ነው። ጭራሹንም እንዲህ ያለው ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ ከመደበኛው ሰዓት ውጭ አይሠራም።

የድርጅቱ ጠቅላላ አክሲዮን 4 ሚሊዮን ገደማ ብቻ መሆኑ እሳቱን አባባሰው። የሽክሬሊ ቡድን ድርሻውን ወደ 70 በመቶ ሲያደርስ ገበያ ላይ የቀረው ጥቂት ነው፤ ያንን ጥቂት ደግሞ ሾርት ያደረጉት ሁሉ ዕዳቸውን ለመዝጋት ይሻሙበት ጀመር። የአንዱ ግዢ ዋጋውን ያወጣል፣ የወጣው ዋጋ ሌላውን እንዲገዛ ያስገድዳል። በዚያ ላይ ሽክሬሊ የራሱን አክሲዮኖች እንደማያበድር አስታወቀ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ዋጋው ከ30 ዶላር አለፈ።

የአሪዞናው ሰው ስለ ድርጅቱ የገመተው ስህተት ነበር? አልነበረም። ሽክሬሊ ከሌላ ድርጅት ጋር በተያያዘ የማጭበርበር ክስ ዲሴምበር 17 ተያዘ፣ ካሎባዮስም ዲሴምበር 29 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ገዝቶ የያዘ ሰው ዋጋው እስኪመለስ መታገሥ ይችላል፤ መያዣው ያለቀበት ተበዳሪ ግን ነገ ልክ እንደሚሆን ቢያውቅ እንኳ ዛሬ ይዘጋበታል።

በእኔ እምነት የድርጅት ውድቀት ይታየኛል የሚል ሰው የመሸጥ መብት የሚሰጠውን ፑት ኦፕሽን ቢገዛ ይሻለዋል። ኦፕሽኑ ጊዜው ሲያልፍ ዋጋ ሊያጣ ይችላል፤ ገዢው የሚያጣው ግን የከፈለበትን ብቻ ነው። አሜሪካ ሆናችሁ በስልካችሁ አክሲዮን የምትገዙና የምትሸጡ፣ ሾርት ማድረግ የሚቻለው በማርጂን ሒሳብ ነው፤ ደላላው ያንን ሒሳብ ሲከፍትላችሁ የምትስማሙበት ውል ውስጥ ለሚጎድለው ገንዘብ ተጠያቂው ደንበኛው ነው የሚል አንቀጽ አለ፤ ደላላው ሳያስጠነቅቅ ሒሳባችሁን ሊዘጋ እንደሚችልም ይላል። ሳትፈርሙ እነዚህን ሁለቱን ፈልጋችሁ አንብቡ።